ጠፍጣፋ መስመር ያየ ሁሉ «ሰነፉ» አይበል

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ በዕረፍት ቀን ላስቸግርዎት ነው፣ ይቅርታ። ይህን ቻርት አይተው ጥፋታችን የቱ ጋ እንደሆነ ይንገሩኝ። ሰኞ ጠዋት ማናጀራችን ፊት ቀርበን እንድናስረዳ ተብለናል።»

ፎቶውን ከፈትኩት። በወረቀት ታትሞ የወጣ በርንዳውን ቻርት ነው። በቀይ ማርከር ሦስት ቦታ ተከብቧል። መሃል ላይ ያለውን ጠፍጣፋ መስመር ከቦ «ምን ስትሠሩ ነበር?» ብሎ ጽፎበታል። ወረድ ብሎ መስመሩ እንደ ገደል የወደቀበትን ከቦ «ለካ ስትፈልጉ ትችላላችሁ!»። መጨረሻው ላይ ደግሞ «9 ቀረ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። እሷ ላይ አይደለም፤ ማርከሩ ላይ ነው። ምክንያቱም ይህን ማርከር አውቀዋለሁ። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ልጅ እያለሁ፣ ማርከሩን የያዝኩት እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ስሟንም ድርጅቱንም አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹን እንድጠቀም ግን ፈቅዳልኛለች።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው ሁለት መስመር ላስረዳ። በርንዳውን ቻርት ማለት የቀረውን ሥራ በየቀኑ የሚያሳይ ሥዕል ነው። በቁመቱ የቀረ ሥራ፣ በአግድሙ ቀናት። ስፕሪንቱ ሲጀመር መስመሩ ከላይ ይነሳል፣ ሥራ ባለቀ ቁጥር ይወርዳል፣ መጨረሻው ቀን ላይ ዜሮ ይነካል ተብሎ ይጠበቃል። ከላይ ጥግ እስከ ታች ጥግ የተሰመረው ቀጭን ግራጫ መስመር «በየቀኑ እኩል እኩል ብንሠራ ኖሮ» የሚል የምኞት መስመር ነው። ማንም ቡድን በዚያ መስመር ላይ ሄዶ አያውቅም። የሄደ ካጋጠማችሁ ቻርቱን ማን እንደሞላው ጠይቁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። የቀረ ሥራ ነው ያልኩት። የተሠራ ሥራ አላልኩም፣ የተደከመ ድካምም አላልኩም። ማርከሩ የሚስተው እዚህች ላይ ነው።

የልጅቷ ቡድን አምስት ሰው ነው፤ ለአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም የሞባይል መተግበሪያ ይሠራሉ። ስፕሪንታቸው ሁለት ሳምንት፣ አሥር የሥራ ቀን ነው። 40 ነጥብ ሥራ ይዘው ጀመሩ። የምኞት መስመሩ በቀን 4 ነጥብ ይወርዳል ማለት ነው። በየቀኑ ማታ የቀረው ሥራ ይህን ይመስል ነበር፦

```
ቀን    1   2   3   4   5   6   7   8   9   10
የቀረ  40  37  37  37  37  40  40  22  17   9
```

ከሁለተኛው ቀን እስከ ሰባተኛው ድረስ መስመሩ ተኝቷል። እንዲያውም ስድስተኛው ቀን ላይ ሽቅብ ወጥቷል። (ይህቺን ሽቅብ የወጣች ነገር ማርከሩ አልከበባትም፤ እመለስባታለሁ።) ስምንተኛው ቀን ላይ በአንድ ቀን 18 ነጥብ ወደቀ። መጨረሻ ላይ 9 ቀረ።

ማናጀሩ ያነበበው ታሪክ ግልጽ ነው። ልጆቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ተኙ፣ ቀነ ገደቡ ሲደርስ ደነገጡና በአንድ ቀን 18 ነጥብ ሠሩ፣ ግን አልበቃም። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ይጥማል። አንድም እውነት የለበትም እንጂ።

እኔ ልጅቷን ስለ ቻርቱ አልጠየቅኳትም። «ቦርዳችሁን ላኪልኝ፤ እያንዳንዱ ሥራ ከየትኛው አምድ ወደ የትኛው መቼ እንደተዛወረ የሚያሳየውን ታሪክም ጨምሪበት» አልኳት። ማታ ላከችልኝ። በሻይ ሰዓት አንብቤ ጨረስኩት። እንዲህ ነው የሆነው።

በሁለተኛው ቀን 3 ነጥብ የነበረው የመግቢያ ኮድ ሥራ አለቀ። እስካሁን ችግር የለም። በዚያው ጊዜ ሁለት ዴቨሎፐሮች ክፍያን የሚነኩ አራት ሥራዎች ይዘው ነበር፤ ሦስቱ 5፣ 5፣ አንዱ 3 ነጥብ፣ በድምሩ 18። በአምስተኛው ቀን ማታ አራቱም ኮዳቸው ተጽፎ፣ በሌላ ሰው ታይቶ፣ «ለቴስት የተዘጋጀ» የሚለው አምድ ውስጥ ነበሩ። ግን ክፍያ ለመሞከር የባንኩ የሙከራ ሲስተም መግቢያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አልመጣም። ደብዳቤ ተጽፏል፣ ተደውሏል፣ «ነገ» ተብሏል። የመጣው በሰባተኛው ቀን ጠዋት ነው። ቡድኑ ያለው ቴስተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ቀን ፈጅቶ አራቱንም ሞክሮ በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ዘጋቸው።

ስለዚህ «ለካ ስትፈልጉ ትችላላችሁ» የተባለበት ቀን ዴቨሎፐሮቹ ያንን 18 ነጥብ አልሠሩም። የሠሩት «ምን ስትሠሩ ነበር» በተባለበት ሳምንት ነው! ማርከሩ ወቀሳውንና ምስጋናውን አቀያይሮ ሰጠ።

ይህ የሆነው ቻርቱ ስለተሳሳተ አይደለም። ቻርቱ ሥራን የሚቆጥረው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ ነው። ጂራ ላይ ለምሳሌ መስመሩ የሚወርደው ካርዱ የቦርዱ የመጨረሻ ቀኝ አምድ ውስጥ ሲገባ ነው። ዘጠና በመቶ ያለቀ ሥራ ለቻርቱ ዜሮ ነው። እንዲህ መሆኑም ትክክል ነው፤ «ዘጠና በመቶ አልቋል» የሚባል ሥራ ስንት ወር እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ መስመሩ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ተኝቶ ይቆይና ይወድቃል፣ እንደገና ይተኛና ይወድቃል።

እና ጠፍጣፋ መስመር ሲያጋጥማችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ? መጀመሪያ ቻርቱን ዝጉት። አዎ፣ ዝጉት። መልሱ እሱ ውስጥ የለም። ቦርዱን ክፈቱና ካርዶቹ የት እንደተከመሩ እዩ። ሁሉም «በመሠራት ላይ» አምድ ውስጥ ተበታትነው ካሉ፣ አምስት ሰው ዘጠኝ ሥራ ጀምሮ ይሆናል፤ ያ የራሱ በሽታ ነው፣ መፍትሔውም አዲስ ሥራ ሳይጀምሩ የተጀመረውን መጨረስ ነው። በአንድ አምድ ፊት ከተከመሩ ግን ከፊታቸው የቆመ በር አለ ማለት ነው፤ ሪቪው የሚያደርግ ሰው፣ ቴስተር፣ ወይም እንደነ እሷ ከውጭ የሚጠበቅ ነገር። በዚያ ጊዜ ዴቨሎፐሩን «ፍጠን» ማለት ክምሩን ከማሳደግ ሌላ ምንም አያመጣም። ክምር ካላያችሁ፣ ካርዶቹም ለአራት ቀን ምንም ካልተነቃነቁ፣ ሰዎቹ እየሠሩ ቦርዱን አላዘመኑም ይሆናል። ወይም በዓል ነው። አትሳቁ፤ ጂራ ቅዳሜና እሁድን ያውቃል እንጂ ጥምቀትን ማንም ካልነገረው አያውቅም። የማይሠራባቸውን ቀናት የሚያስገቡበት ቦታ ቦርዱ ቅንብር ውስጥ አለ፤ የሚሞላው ግን አላየሁም። በከተራና በጥምቀት ሰሞን «ቡድኑ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ሪፖርት የጻፈ ሰው አውቃለሁ።

አንድ ሌላ የጠፍጣፋ ዓይነት አለ፤ ከሁሉም ተንኮለኛው እሱ ነው። በልጅቷ ቻርት ላይ አራተኛውን ቀን እዩት። 37 ነበር፣ 37 ሆኖ አደረ። ምንም ያልተሠራ ይመስላል። ግን በዚያ ቀን 5 ነጥብ ሥራ ሙሉ በሙሉ አልቋል፤ ተሞክሮ፣ ተዘግቶ። ታዲያ መስመሩ ለምን አልወረደም? በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 5 ነጥብ አዲስ ሥራ ስለገባ ነው። 5 ወጣ፣ 5 ገባ፤ ቻርቱ ላይ ምንም አልሆነም።

ይህ የበርንዳውን ቻርት ትልቁ ጉድለት ነው፤ ጠቤም ከዚህ ጋር ነው። አንድ መስመር ሁለት ነገር ይሸከማል። ሥራ ሲያልቅ ይወርዳል፣ ሥራ ሲጨመር ይወጣል፤ እኛ ግን የምናየው ልዩነቱን ብቻ ነው። የባንክ ደብተራችሁ ላይ ገቢና ወጪ ሳይጻፍ ቀሪ ሂሳብ ብቻ ቢጻፍ አስቡት። ቀሪው ለአንድ ሳምንት ስላልተነቃነቀ «ይህ ሰው ደመወዝ አይከፈለውም» ብሎ የሚደመድም ይኖራል?

ያ 5 ነጥብ ምን እንደነበር ጠየቅኳት። የብድር ሪፖርቱ በየቅርንጫፉ ተከፍሎ ወደ ኤክሴል ይውጣ የሚል ነው። ማን አስገባው? ትንሽ ዝም አለች። «ማናጀራችን ናቸው ቲቸር። ደንበኛው ደውሎላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በቀጥታ ለአንዱ ልጅ ደወሉለት። ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ ጨርሳት አሉት።»

እዚህ ጋ ሻዬን አስቀመጥኩ።

ስድስተኛው ቀን ላይ መስመሩ ከ37 ወደ 40 የወጣውም ተመሳሳይ ነው። የኤስኤምኤስ መልእክቱ በአፋን ኦሮሞም ይሁን ተባለ፤ 3 ነጥብ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያውኑ መኖር ነበረበት። ይሁን እንጂ ሥራ ነው። ቻርቱ ላይ ሽቅብ የወጣ መስመር ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ወይ ሥራ ተጨምሯል፣ ወይ የነበረው ሥራ ከታሰበው ይበልጣል ተብሎ ግምቱ ተሻሽሏል። ማርከሩ ጠፍጣፋውን ከበበ፣ ገደሉን ከበበ፣ ሽቅብ የወጣውን ግን ዘለለው። ለምን እንደዘለለው እኔ አልናገርም፤ እናንተው ገምቱ።

ስኮፕ ክሪፕ የምንለው ይህንን ነው። ሰው ሲሰማው ደንበኛ በሩን በርግዶ ገብቶ ሥራውን እጥፍ የሚያደርግ ይመስለዋል። እንደዚያማ ቢሆን በቀላሉ እንከላከለው ነበር። የሚገባው እየዳኸ ነው፤ «ትንሽ ነገር ናት» እያለ። አንዲት በተን፣ አንዲት ሪፖርት፣ አንዲት ቋንቋ። እያንዳንዷ ተገቢ ናት፣ እያንዳንዷን እምቢ ማለት ያሳፍራል፤ ለአለቃ ደግሞ እምቢ ማለት በእኛ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አሁን ዘጠኙ እንዴት እንደቀረ እንይ። ኤክሴሉን እንዲሠራ የተደወለለት ልጅ በስፕሪንቱ ትልቁን ሥራ፣ 8 ነጥብ የሆነውን የብድር ማመልከቻ ሥራ የያዘው ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ያንን ትቶ ኤክሴል ገባ። ኤክሴሉ በዘጠነኛው ቀን ተዘጋ። አፋን ኦሮሞው ከሌላ 5 ነጥብ ሥራ ጋር በአሥረኛው ቀን ተዘጋ። ሳይጠናቀቅ የቀረው ምንድነው? ያ 8 ነጥብ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘ አንዲት 1 ነጥብ ሥራ። ስምንት ገባ፣ ዘጠኝ ወጣ።

ቡድኑ በአሥር ቀን ውስጥ ምን ያህል ሠራ? ደምሩት፦ 3፣ 5፣ 18፣ 5፣ 8። 39 ነጥብ። ቃል የገቡት 40 ነበር። ከእቅዳቸው አንዲት ነጥብ ብቻ ያነሰ ሥራ የሠራ ቡድን ነው ሰኞ ጠዋት ማብራሪያ የተጠየቀው!

ይህን ቻርቱ ማሳየት አልቻለም። የሚያሳይ ቻርት ግን አለ፤ አዲስ ግኝትም አይደለም። ሁለት መስመር ማስመር ነው። አንዱ ጠቅላላ ሥራው፣ ሌላው ያለቀው። በርንአፕ ይሉታል። የዚያኑ ስፕሪንት ቁጥር እንዲህ አድርጌ ጻፍኩላት፦

```
ቀን     1   2   3   4   5   6   7   8   9   10
ጠቅላላ  40  40  40  45  45  48  48  48  48  48
ያለቀ    0   3   3   8   8   8   8  26  31  39
```

በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ያው የድሮው በርንዳውን ነው፤ ቀንሳችሁ አረጋግጡ። ምንም መረጃ አልጠፋም፤ የተደበቀው ብቻ ወጣ። አራተኛው ቀን አሁን ጠፍጣፋ አይደለም፤ ሁለቱም መስመሮች በ5 ከፍ ብለዋል። ስድስተኛው ቀን ላይ ያለቀው ሳይነቃነቅ ጣሪያው ብቻ ከፍ ሲል ይታያል። ዘጠኙም ከየት እንደመጣ ለማየት ማርከር አያስፈልግም፤ ጣሪያው ከ40 ወደ 48 ሲሄድ ቡድኑ 39 ደርሷል።

በኤክሴል ሦስት አምድ ይበቃችኋል፤ ቀን፣ ጠቅላላ፣ ያለቀ። በርንዳውኑም የምትፈልጉ ከሆነ አራተኛው አምድ ላይ `=B2-C2` ብላችሁ ወደ ታች መጎተት ነው። ጂራ የምትጠቀሙ ደግሞ በርንዳውን ሪፖርቱ ሥር ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ፤ ሰው ሁሉ ሥዕሉን አይቶ ይሄዳል እንጂ ወርዶ አያነብም። እዚያ `Scope change` የሚል ካያችሁ መስመሩ የተነቃነቀው ሥራ ስላለቀ ሳይሆን ሥራ ስለገባ፣ ስለወጣ ወይም ግምቱ ስለተለወጠ ነው።

«ስለወጣ» ያልኩትን ላብራራው፤ የድንገተኛ መውደቅ ሌላው ምሥጢር እሱ ነውና። መስመር በአንድ ቀን ሲወድቅ ሥራ አልቆ ላይሆን ይችላል። ስፕሪንቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ሰው ያላለቁትን ካርዶች ይዞ ወደ ባክሎግ ቢመልሳቸው መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዜሮም ይነካል። ቆንጆ ቻርት! ማንም ግን ምንም አልጨረሰም። በሁለት መስመሩ ቻርት ላይ ይህ ወዲያው ይጋለጣል፤ ያለቀው መስመር ወደ ላይ አይሄድም፣ ጣሪያው ነው ወደ ታች የሚወርደው። ሦስተኛ ዓይነት መውደቅም አለ፤ ከስብሰባው በፊት ባለው ማታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ካርዶች በሙሉ በአንዴ ወደ ቀኝ ሲገፋቸው። እሱን ለመለየት የዝውውሩን ሰዓት እዩ። ስድስት ካርድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከተዘጋ፣ ያ መውደቅ ስለ ጽሕፈት ሥራ እንጂ ስለ ሶፍትዌር ምንም አይነግራችሁም።

እና እዚህ ላይ የራሳችንን ሰፈር ሳልነካ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ዴቨሎፐሮች፣ እናንተም ንጹሕ አይደላችሁም። ቴስት ያልተደረገ ሥራ «ያለቀ» አምድ ውስጥ የምትወረውሩ፣ መስመሩ እንዲያምር ብላችሁ 1 ነጥብ የሆነውን ሥራ 3 የምትሉ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራን አምስት ካርድ አድርጋችሁ በየቀኑ አንዳንድ የምትዘጉ፤ አውቃችኋለሁ፣ አንዳንዶቻችሁን አስተምሬያችኋለሁ። ግን ይህን ከየት ተማራችሁት? ከማርከሩ ነው። ጠፍጣፋ መስመር ያስወቀሰው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩን ያስተካክላል፤ ሥራውን ሳይሆን መስመሩን። ከሦስት ስፕሪንት በኋላ ማናጀሩ እጅግ ያማረ ቻርትና ምንም የማያውቀው ፕሮጀክት ይኖረዋል።

«ስክረም ያዛል፣ የግድ ነው» የሚለኝ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። አያዝም። ስክረም ጋይድ የሚባለው ሰነድ፣ ኬን ሽዋበርና ጄፍ ሰዘርላንድ የጻፉት፣ በርንዳውንን የግድ ማድረግ የተወው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2020ው ሰነድ ውስጥ በርንዳውን፣ በርንአፕና የመሳሰሉት ግስጋሴን ለመገመት ከሚያግዙ መንገዶች መካከል ናቸው፤ በእውነት የሆነውን አይቶ መወሰንን ግን አይተኩም ተብሏል። ድሮ ድሮ ቻርቱ ሲሳል ደግሞ በነጥብ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ «የያዝኩት ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ስንት ሰዓት ይቀረዋል» ብሎ እየገመተ ይደምሩ ነበር። በዚያ አሠራር መስመሩ ሽቅብ ቢወጣ ማንም አይገርመውም፤ «ስንገባበት ከባድ ሆኖ አገኘነው» ማለት ነው። ቡድኑ ራሱን የሚያይበት መስታወት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ሆነ።

ሁለት መስመሩም ተአምር አይደለም፤ ይህንንም ልበል። ለቴስት የተከመሩትን አራት ካርዶች እሱም አላሳየም፤ ከአምስተኛው ቀን እስከ ሰባተኛው ያለቀው 8 ላይ ተኝቶ ነበር። ለእሱ ቦርዱን ማየት የግድ ነው። ነጥቡ ራሱም ግምት ነው፤ በአንድ ስፕሪንት ተነስቶ ስለ ሰው ጉብዝና መፍረድ አይቻልም።

ከአንድ ስፕሪንት አልፎ ፕሮጀክቱን በሙሉ ስታዩ ግን የሁለቱ መስመሮች ጥቅም ብር ነው። ልጅቷን «ለመልቀቅ ምን ያህል ቀርቷችኋል?» አልኳት። ከዚህ ስፕሪንት በኋላ 155 ነጥብ። ማናጀሩ ለደንበኛው የነገረው «ሁለት ወር» ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በስፕሪንት 39 ከሠሩ 155 ለ39 ሲካፈል አራት ስፕሪንት፣ ስምንት ሳምንት። ግን በየስፕሪንቱ 8 ነጥብ የሚገባ ከሆነ ክፍተቱ የሚጠብበው በ39 ሳይሆን በ31 ነው። 155 ለ31 አምስት ስፕሪንት ነው። አሥር ሳምንት። ማንም ሳይሰንፍ፣ ማንም ሳይታመም፣ ሁለት ሳምንት ከወዲሁ ጠፍቷል። እርግጥ በሌሎች ስፕሪንቶች 8 ይግባ 4 ይግባ ያለፉትን ሦስት አራቱን አይታችሁ አማካዩን መውሰድ ይኖርባችኋል፤ ከአንድ ስፕሪንት ብቻ እንዲህ ብሎ መማል አይቻልም። ለመገመት ግን ከ«ሁለት ወር» ይሻላል። ውሉ ላይ የዘገየ ቀን ቅጣት ካለው ደግሞ ይህ ልዩነት በብር ይቆጠራል።

ምን ማለት እንዳለባት ጠየቀችኝ። «አትከራከሪ፣ ማንንም አትክሰሺ» አልኳት። ሁለቱን ሠንጠረዦች በአንድ ገጽ ላይ አትሚ። ከሥሩ ሦስት ነገር ጻፊ፤ የባንኩ መግቢያ የተጠየቀበትና የመጣበት ቀን፣ ሁለቱ ተጨማሪ ሥራዎች የገቡበት ቀን፣ እነሱ ሲገቡ የቆመው ሥራ። «ማን አስገባው» የሚለውን አትጻፊ፤ እሳቸው ያስታውሱታል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ከእንግዲህ በስፕሪንት መሃል አዲስ ሥራ ሲመጣ በእሱ ፈንታ የሚወጣውን የሚመርጠው ማነው?

ሰኞ ማታ ደወለችልኝ። ወረቀቱን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ አለችኝ። ስለ ጠፍጣፋው አልጠየቁም፣ ስለ ገደሉም አልጠየቁም። ጣታቸውን ከ40 ወደ 45 የወጣው ላይ አድርገው «ይቺ የኔዋ ናት አይደል?» አሉ። «አዎ ጋሼ» አለች። ከዚያ የቡድኑ ልጆች ስልክ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ከጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አውጥተው ሰጧት፤ «ከአሁን በኋላ በአንቺ በኩል ነው» ብለዋት።

ቅጣቱንና ሁለቱን ሳምንት በተመለከተ ግን እስካሁን ለደንበኛው አልነገሩም። ስፕሪንቱ ዛሬ አራተኛ ቀኑን ይዟል፤ ጣሪያው 42 ላይ ነው ትለኛለች።

በየመሥሪያ ቤታችሁ ማርከር የተሳለበት ቻርት ያላችሁ፣ ስምና ሎጎውን አጥፍታችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡት፤ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ቻርቱን ብቻ ሳይሆን ቦርዱንም ጨምሩበት።